ሰፌዴ በመጨረሻ ጠፍጣፋ ሆነልኝ

ሰላም የስፌት ልጆች፣ ትናንት የጨረስኩትን ሰፌድ ወለሉ ላይ አስቀምጬ ጠርዙን ዙሪያውን ጫን ጫን እያደረግኩ አየሁት፣ የትም ጋ አልተነሳም፣ በጣም ደስ ብሎኛል። እስከዛሬ የምሰፋው ሁሉ ጠርዙ ወደላይ እየታጠፈ ሳህን ይሆንብኝ ነበር፣ ሀረር እንደምታውቁት ሰፌድ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል ትንሽ ከተጣመመ ወዲያው ያስታውቃል።

አጀማመሩን ታውቁታላችሁ፣ ውስጡ ደረቅ ስንደዶ፣ ላዩ የራሰ አክርማ፣ ለጌጡ አለላ፣ መብሻው ወስፌ። መሀሉን አጥብቆ ማሰር ነው፣ ከዛ እጅ ይለምደዋል።

ዋናው ጣጣ ጭማሪው ላይ ነው። የኔ ዙር ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ዙር ካለፈው በ3 ሳንቲም ገደማ መርዘም አለበት፣ ሰፌዱ ትንሽም ሆነ ትልቅ ጭማሪው ያው ነው። አንዱ ጥምጥም 3 ሚሊ ከያዘ በየዙሩ 10 ያህል ጥምጥም ይጨመራል ማለት ነው፣ የሚጨመረውም አንዱ ቀዳዳ ላይ ሁለቴ በመጠምጠም ነው። ስፋቱ 4 ሳንቲም እያለ በየአራተኛው ጥምጥም መጨመር አለባችሁ፣ 20 ሳንቲም ሲደርስ ግን በየሃያው አካባቢ ይበቃል። ይሄን ካልጨመራችሁ ወይም አክርማውን በኃይል ከሳባችሁት አዲሱ ዙር ያጥርና ጠርዙን ይዞት ይነሳል። ከበዛ ደግሞ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይሞገዳል። ዙሪያውን እኩል ከተነሳ አንሷል፣ እዚህ ወጣ እዛ ገባ ካለ በዝቷል፣ በዚህ ትለዩታላችሁ። በየሁለት ሦስት ዙሩ ወለል ላይ እያስቀመጣችሁ እዩት፣ ሁለት ዙር መፍታት ይሻላል እንጂ በኋላ አይስተካከልም።

አንዳንዱ ውሃ ረጭቶ ድንጋይ ጫንበት ይላል፣ እኔ በፍጹም አልስማማም፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይነሳል፣ አለላ ካለበት ደግሞ ቀለሙ ነጩ ላይ ይፈስሳል።

ሌላው የውሃው ነገር ነው። እኛ ድሬ ሙቀቱ አክርማውን እጃችን ላይ ያደርቀዋል፣ የደረቀ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ግን በጣም የራሰ አክርማ አብጦ ስለሚሰፋ ሲደርቅ ይቀጥናል፣ በመሀሉ ስንደዶው ይታያል። ስለዚህ ነክሬ ወዲያው አወጣና እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ አንዳንዱን እየመዘዝኩ እሰፋለሁ። ወስፌ ደግሞ ጫፉ ሹል ሆኖ አንገቱ ቀጭን ይሁን፣ ወፍራም ከሆነ የታችኛውን ጥምጥም ይበጥሰዋል፣ በመርፌ ስፉ የሚሉትን አትስሟቸው፣ አክርማ በመርፌ ቀዳዳ ሲጎተት ይተለተላል።

አሁን ሙዳይ ጀምሬያለሁ፣ ወለሉ እንዳለቀ ጭማሪውን አቁሜ ዙሩን ከጎን ሳይሆን ከላይ ነው የማስቀምጠው፣ ግድግዳው የሚቆመው እንደዛ ነው። ክዳኑን ከአፉ ጋር ልክ የሚያመጣ ዘዴ ያላችሁ ንገሩኝ።