የቤቱን ኢንተርኔት ማን ይክፈል? ወደ ቢሮ ተመለሱ ቢሉስ?

ከቤት ሆኖ መሥራት ሲነሣ በሐበሻ መካከል የሚሰሙት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? አሠሪውስ አንድ ቀን ተነሥቶ «ወደ ቢሮ ተመለሱ» ማለት ይችላል ወይ? ብዙ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቃቸዋል። እኔ በካሊፎርኒያ በኖርኩባቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን ጥያቄዎቹ የተሳሰሩ መሆናቸውን፣ ለአንዱ የምንሰጠው መልስም ሌላውን ሊያበላሽብን እንደሚችል ነው። ዘንድሮ ክረምቱን ሐዋሳ ከቤተሰብ ጋር ሳሳልፍ የአክስቴ ልጅ ይህንኑ ጉዳይ ይዛብኝ ስለመጣች፣ የሁለቱን አገር አካሄድ አንድ ላይ መጻፉ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

ከራሴ ልጀምር። ቤቴ ኦክላንድ፣ የምሠራበት የሕክምና ሒሳብ አስከፋይ ድርጅት ቢሮ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ነበር። በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ወደ ቤት ሲልኩን ላፕቶፕና ሁለት ስክሪን ሰጡን፤ ስለ ኢንተርኔትና ስለ ስልክ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። ብዙዎቻችን ሥራው አለመቅረቱን እንደ ትልቅ ነገር ቆጥረን ዝም አልን። በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የካሊፎርኒያን የሠራተኛ ሕግ ክፍል 2802 አሳየችኝ። ክፍሉ በአጭሩ የሚለው፣ ሠራተኛው ሥራውን በማከናወኑ በቀጥታ ያወጣውን አስፈላጊ ወጪ ሁሉ አሠሪው ይመልስለታል ነው። ክፍል 2804 ደግሞ ሠራተኛው ይህን መብቱን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ይህ የአሜሪካ ሁሉ ሕግ አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። የፌዴራሉ ሕግ የሚከለክለው ወጪው ደመወዙን ከዝቅተኛው የክፍያ ወለል በታች እንዳያወርደው ብቻ ስለሆነ፣ ቴክሳስ የሚኖረው ወዳጄ እኔ የጠየቅሁትን ለመጠየቅ የሚደገፍበት ሕግ አልነበረውም።

ጥያቄዬን ሳቀርብ ከሰው ሀብት ክፍል ያገኘሁት የመጀመሪያ መልስ «ኢንተርኔቱ እኮ ድሮም ቤትህ ነበር» የሚል ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ነገር ግን የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንኑ መከራከሪያ በግል ስልክ ጉዳይ ላይ መርምሮ፣ ሠራተኛው ተጨማሪ ሳንቲም ባያወጣም አሠሪው ከስልክ ሒሳቡ ምክንያታዊ የሆነ ድርሻ መክፈል አለበት ሲል ወስኗል። ሁለተኛው መልሳቸው «ወደ ቤት የላካችሁ መንግሥት እንጂ እኛ አይደለንም» የሚል ነበር። ይህንንም አይቢኤም ተከስሶ በነበረበት ጉዳይ ላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 አልተቀበለውም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ወጪው ሥራውን ለመሥራት የወጣ መሆኑን እንጂ ሠራተኛው ለምን ቤቱ እንደተቀመጠ አይደለም ብሏል።

«ምክንያታዊ ድርሻ» ስንት እንደሆነ ሕጉ በቁጥር ስለማያስቀምጥ ሒሳቡን ራስ ሠርቶ ማቅረብ ግድ ይላል። የእኔን ልንገራችሁ። የቤቱ ኢንተርኔት በወር 70 ዶላር ነበር፤ ባለቤቴና ልጆቼም ስለሚጠቀሙበት ግማሹን፣ ማለትም 35 ዶላር፣ ለሥራ አልኩ። የስልኩ ሒሳብ 55 ዶላር ሆኖ፣ የጥሪ ዝርዝሩን አውጥቼ ብመለከት ከአሥሩ ጥሪ አራት ያህሉ የሥራ ስለነበር 22 ዶላር ያዝኩ። በድምሩ በወር 57 ዶላር፣ በሁለት ዓመት 1,368 ዶላር መሆኑ ነው። ለወንበር የከፈልኩትንም ጨመርኩ፤ የቤት ኪራይ ድርሻ ግን አልጠየቅሁም። ከቤት ባልሠራም ኖሮ የምከራየው ያንኑ ቤት ስለነበር፣ እሱን ማስገባት የቀረውንም ያዳክምብኛል ብዬ ነው። መብራቱን ለመለየት ከቤት መሥራት ከመጀመሬ በፊት የነበሩትን ደረሰኞች ከኋለኞቹ ጋር ባስተያይ ልዩነቱ ከአየሩ መለዋወጥ ስላልተለየልኝ ተውኩት። እምቢ ቢሉ ለግዛቱ የሠራተኛ ኮሚሽነር ያለ ጠበቃና ያለ ክፍያ ማመልከት ይቻል ነበር፤ የሚጠየቀውም ወደ ኋላ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ነው። እዚያ ሳንደርስ ከፈሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው ጉዳይ የመጣው። ድርጅቱ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ቢሮ እንድንገባ አዘዘ። በካሊፎርኒያ ተቃራኒ የሚል ውል ከሌለ በስተቀር ቅጥሩን ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በፈለገ ጊዜ ሊያቋርጠው ስለሚችል አሠሪው የሥራውን ቦታ የመወሰን ሥልጣኑ ሰፊ ነው። የቅጥር ደብዳቤዬም ቦታውን ሳን ፍራንሲስኮ ብሎ ነበር የሚያስቀምጠው። የሠራተኛ ማኅበር ስምምነት ያላቸው፣ ወይም ከቤት መሥራታቸው በጽሑፍ የተረጋገጠላቸው ሰዎች የተሻለ መቆሚያ አላቸው። አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ደግሞ የአካል ጉዳት ወይም ሕመም ያለበት ሠራተኛ ማስተካከያ ሲጠይቅ ቁጭ ብሎ የመነጋገር ግዴታ አለበት፤ የጀርባ ሕመም የነበረባት ባልደረባችን በሐኪም ማስረጃ ከቤት መሥራቷን የቀጠለችው በዚህ መንገድ ነበር። እኛ የቀረነው ገባን። ከኦክላንድ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚያሻግረውን ድልድይ ክፍያና ነዳጁንም ከኪሳችን ቻልን፤ ከቤት ወደ ቢሮ መመላለሻ በክፍል 2802 አይመለስምና።

ከላይ ሁለቱ ጥያቄዎች የተሳሰሩ ናቸው ያልኩት እዚህ ላይ ይታያል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ትእዛዙን ሲቃወሙ «ከቤት መሥራት ለእኔ ይመቸኛል፣ ምርጫዬ ነው» ብለው በኢሜይል ጻፉ። ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘጋጅቶልህ ሳለ በምርጫህ ቤት ከቀረህ የኢንተርኔቱ ወጪ «አስፈላጊ» መሆኑ አጠራጣሪ ይሆናል። ድርጅቱም ያንኑ ኢሜይል ይዞ ከቤት ለሚሠሩባቸው ለቀሩት ሁለት ቀናት የኢንተርኔት ድርሻ መክፈሉን አቆመ። የስልኩ ድርሻ ግን ቀጠለ፤ ምክንያቱም አለቆቻችን ማታ ማታ በግል ስልካችን ስለሚደውሉ ወጪው ከቤትና ከቢሮ ጋር የሚያያዝ አልነበረም።

ወደ ሐዋሳ ስመለስ፣ የአክስቴ ልጅ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ በሆነ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የምትኖረው አቶቴ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ራውተሩ አብሮ ስለሚጠፋና የከፈተችው የፒችትሪ የሒሳብ ፋይል ስለሚቋረጥባት፣ በራሷ ገንዘብ ኢንቨርተርና ባትሪ ገዝታ ከሳሎኑ መጋረጃ ሥር አስቀምጣለች። ለኢንተርኔትም በየወሩ ከአንድ ሺህ ብር በላይ ትከፍላለች። ድርጅቱ በአንድ ወር ውስጥ አዲስ አበባ ቢሮ ተገኝታ ሥራ እንድትጀምር ደብዳቤ ሲጽፍላት «ጋሼ፣ አልሄድም ብዬ ዝም ብልስ?» አለችኝ። መጀመሪያ የነገርኳት ዝም ማለት እንደማያዋጣ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይጠበቅለት ሊሰናበት ይችላል።

በአዋጁ ውስጥ ስለ ቤት ሥራ ውል የሚናገር ክፍል አለ፤ አንቀጽ 46 ነው። ብዙ ሰው እሱን አግኝቶ ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ አንቀጹ የሚናገረው ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ክትትልና ቁጥጥር በቤቱ ስለሚሠራ ሰው ነው፤ ጥሬ ዕቃ ተቀብሎ ልብስ የሚሰፋ ወይም የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው በዐይነ ሕሊና ሲታይ ይገጥማል። ጠዋት ጠዋት በኦንላይን ስብሰባ አለቃዋ ሥራ እየከፋፈለ የሚሰጣትን፣ ማታ ሪፖርት የሚቀበላትን የሒሳብ ሠራተኛ በዚያ ውስጥ ማስገባት ያስቸግራል። በዚያ ላይ የቤት ሥራ ውል ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ እንደተደረገ ስለሚቆጠር፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረች ሠራተኛ ወደዚያ አንቀጽ መሮጧ የያዘችውን ዋስትና ሊያሳጣት ይችላል።

ለእሷ የሚጠቅሙት ተራ የሚመስሉት አንቀጾች ናቸው። አንቀጽ 4 የሥራ ውል የሥራውን ቦታ እንዲገልጽ ያዛል። አንቀጽ 12 በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ቁሳቁስ አሠሪው እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አንቀጽ 15 ደግሞ በአዋጁ ያልተወሰነ የሥራ ሁኔታ የሚለወጠው በኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ ወይም በተዋዋዮቹ የጽሑፍ ስምምነት እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ወረቀቶቿን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አየን። የመጀመሪያው ውል የሥራ ቦታዋን አዲስ አበባ ይላል፤ ያ ለድርጅቱ ይጠቅማል። ሆኖም ድርጅቱ የኪራይ ወጪ ለመቀነስ አንድ ፎቅ ሲለቅ ሥራ አስኪያጁ «ከጥር ጀምሮ ሥራሽን ከሐዋሳ ሆነሽ ትሠሪያለሽ» ብሎ ጽፎላት፣ እሷም በዚያው ኢሜይል «ተስማምቻለሁ» ብላ መልሳለች። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ወረቀት ነው። ቦታው በጽሑፍ ስምምነት እንደተለወጠ ለመከራከር ያስችላታል፤ ለውጡ የመጣው ለድርጅቱ ጥቅም መሆኑንም ያሳያል። ስለዚህ ኢንቨርተሩ የሥራ መሣሪያ ነው ለማለት አያሳፍርም።

የጻፍነው ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበር። ሐዋሳ «ይመቸኛል» የሚል ቃል እንዳይገባበት ተጠንቅቀን፣ የኢሜይሉን ቀን ጠቅሰን፣ የሥራ ቦታው በስምምነት ሐዋሳ መሆኑንና እንደገና ለመለወጥ አዲስ ስምምነት እንደሚያስፈልግ አስቀመጥን። የኢንተርኔቱን ደረሰኝ አባሪ አደረግን፤ ወንድሟም በቤቱ ስለሚጠቀምበት ሙሉውን ሳይሆን ሁለት ሦስተኛውን ጠየቀች። ደብዳቤው ቶሎ እንዲገባም አጥብቄ ነገርኳት፤ እዚህ ከሥራ የሚመነጭ ክፍያ የሚጠየቅበት ጊዜ ስድስት ወር ብቻ ስለሆነ የቆዩት ወራት አንድ በአንድ ይወድቃሉና። ከስድስት ወር በፊት ያሉትን ደረሰኞች ያስገባነው ለማስረጃ ያህል ነው።

ድርጅቱ ያቀረበላት መልስ በወር አንድ ሳምንት አዲስ አበባ እንድትገኝ፣ ቀሪውን ከሐዋሳ እንድትሠራና የጠየቀችውን የኢንተርኔት ድርሻ እንዲከፍል ነበር። በዚያች ሳምንት የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ የማን እንደሆነ ረቂቁ አይናገርም ነበርና «በድርጅቱ ወጪ» የሚል ሐረግ አስጨመረች፤ የሥራ ቦታዋ ሐዋሳ ከሆነ አዲስ አበባ የምትሄደው ለሥራ ጉዞ እንጂ ለመመላለስ አይደለም። የኢንቨርተሩን ዋጋ ለመክፈልም ተስማሙ፤ በምላሹም ዕቃው የድርጅቱ ንብረት ሆኖ እንዲመዘገብና ሥራ ስትለቅ እንድታስረክብ ጠየቁ። በዚህ ላይ የራሷ ገንዘብ የወጣበት ባትሪ ሁለት ዓመት ያገለገለ ስለሆነ ያረጀበት ሁኔታ በርክክብ ሰነዱ ላይ ይጻፍልኝ ብላ አስይዛ ፈርማለች።