ነጸብራቁ ሳይጠፋ ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል መቀየር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ናችሁ? ባለፈው የስልክ ስክሪን ላይ ሌላ ምስል ማስገባት እየተለማመድኩ እንደሆነ ነግሬያችሁ ነበር። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አሁን የሚታይ ለውጥ ስላለ የሠራሁትንም ያበላሸሁትንም ልንገራችሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ጓደኛዬ ምግብ ማዘዣ መተግበሪያ እየሠራ ነው። መተግበሪያው ገና አላለቀም፣ ያለው ስክሪንሹት ብቻ ነው። እሱ የፈለገው ደግሞ መተግበሪያው የተከፈተበትን ስልክ ሰው በእጁ ይዞ የሚያሳይ ፎቶ ነው። የምሠራው ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ስልኩ በርቶ እያለ ፎቶ አነሳሁ፣ ስክሪንሹቱን ከላይ ለጠፍኩ፣ ከዚያ ነጸብራቅ እንዲመስል አንድ ነጭ ሰያፍ መስመር በለስላሳ ብሩሽ ሳብኩበት። ውጤቱ ስቲከር ነው የሚመስለው። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። ስልክ መስታወት ላይ የሚታየው ነጸብራቅ ዝም ብሎ ነጭ መስመር አይደለም፤ የክፍሉ ምስል ነው። የእኔ ስልክ ላይ መስኮቱ፣ የመጋረጃው ዘንግ፣ የጣት አሻራዬ ሳይቀር ነበሩበት። ደግሞ መስኮቱ ከመስታወቱ በጣም ስለሚርቅ፣ ካሜራው ስልኩ ላይ ሲያተኩር የመስኮቱ ምስል ብዥ ይላል። ይህን ሁሉ በእጅ መሳል አይቻልም ባልልም እኔ አልቻልኩም።

መፍትሔው ስልኩን አጥፍቶ ማንሳት ነው። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን መስታወቱ ላይ የቀረው ብርሃን በሙሉ ነጸብራቅ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ስልኩ ሲበራ ደግሞ የስክሪኑ ብርሃን በዚያ ነጸብራቅ ላይ ይደመራል። አንዱ ሌላውን አይሸፍንም፣ ይደመራሉ። ስለዚህ ኤዲት ስናደርግም መደመር ነው ያለብን። የጠፋውን ስልክ ፎቶ ከታች አድርጌ፣ ስክሪንሹቱን ከላይ አስቀምጬ የሌየሩን ሞድ `Addition` አደረግኩት። በቃ፣ መስኮቱም አሻራውም ራሳቸው ከምስሉ በላይ ብቅ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ጂምፕ ውስጥ ሌየሩን በቀኝ ክሊክ ስትነኩት `Blend Space` የሚል ታገኛላችሁ፣ `RGB (linear)` መሆኑን አረጋግጡ። ፎቶ ፋይል ውስጥ ያለው ቁጥር የብርሃኑ ትክክለኛ መጠን ስላልሆነ ዝም ብሎ ቁጥር በቁጥር መደመር ያሳስታል። ለምሳሌ ከ0 ጥቁር እስከ 255 ነጭ ባለው ልኬት የምስሉ ነጥብ 100፣ ነጸብራቁም 100 ቢሆን፣ ቁጥሩን በቀጥታ ስትደምሩት 200 ይመጣል፣ ስክሪኑ አመድ ይመስላል። `Screen` የሚባለው ሞድ በተለመደው አሠራሩ 161 ይሰጣል፣ ይሻላል ግን አሁንም ደመቅ ይላል። እንደ እውነተኛ ብርሃን ሲደመር የሚመጣው 138 አካባቢ ነው። ልዩነቱ በዓይን ጎልቶ ይታያል።

ከዚያ ሁለተኛ ችግር መጣ። ስልኩን ሳጠፋው ካሜራዬ «ጨለማ ነው» ብሎ በራሱ ብርሃን ጨመረ። ነጸብራቁም አብሮ ደመቀ፣ ምግቦቹ በጭጋግ ውስጥ ያሉ መሰሉ። ምስሉ ያለምክንያት የታጠበ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ። አሁን የማደርገው ስልኩን በነጭ ገጽ አብርቼ የካሜራውን ብርሃን መቆለፍና አንድ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ከዚያ ቁልፉን ሳልነካ ስልኩን አጥፍቼ እንደገና አነሳለሁ። የበራው ፎቶ ለማመሳከሪያ ብቻ ነው፣ ግን በጣም ይጠቅማል። የእኔ ፎቶ ላይ እውነተኛው ስክሪን ነጩ 228 ነበር፣ 255 አይደለም። ስለዚህ `Levels` ውስጥ ገብቼ የስክሪንሹቱን ነጭ ወደ 225 አወረድኩት። ጥቁሩን ግን አትንኩት። የጠፋው መስታወት ጥቁሩ 30 ገደማ ነበር፣ ያ ስስ ጭጋግ ነው ምስሉን መስታወት ውስጥ የሚያስቀምጠው፤ እኔ «ጥርት ይበል» ብዬ ወደ ዜሮ ሳወርደው ምስሉ ተመልሶ ስቲከር ሆነ።

ማዕዘኖቹ ሌላ ጣጣ ናቸው። የስልክ ስክሪን ማዕዘኑ ክብ ነው፣ የ`Perspective` መሣሪያ ግን አራት ሹል ማዕዘን ነው የሚፈልገው። እኔ ክቡ ላይ ስጎትት ምስሉ በሁሉም በኩል ጠበበ። ትክክለኛው ቦታ ቀጥ ያሉት ጠርዞች ቢቀጥሉ ኖሮ የሚገናኙበት ነው፣ ያ ደግሞ ከመስታወቱ ውጪ ነው። አራት ቀጭን መስመር በጠርዞቹ ላይ ሳብኩ፣ የተገናኙበትን ያዝኩ፣ የተረፈውን ማዕዘን የሌየሩን ክፍል በሚደብቀው ማስክ ክብ አድርጌ ቆረጥኩት። ከስክሪንሹቱ በፊት እኩል ካሬዎች ያሉበት ምስል አስገብታችሁ ሞክሩ፤ ከካሜራው ወደራቀው ጠርዝ ሲሄዱ ካሬዎቹ ማነስ አለባቸው። እኩል ሆነው ከቀሩ ምስሉ ተንጋደደ እንጂ ከስልኩ ጋር ወደ ኋላ አልሄደም። ስክሪንሹቱ ደግሞ ከስልኩ ጋር አንድ ዓይነት ምጥን ይኑረው፤ የ16 በ9 ምስል 20 በ9 ስልክ ላይ ሲገባ ክቡ አዝራር እንቁላል ይሆናል።

አሁን ወደ አውራ ጣቱ። ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ እሱ ነው። ሌየሩ የሚደመር ስለሆነ ምግቦቹ በጣቱም ላይ ይታያሉ፣ ስለዚህ በማስክ መከልከል አለበት። ግን በጥቁር መስታወት ላይ የጣቴ ጥላ ያለበት ጎን ጠርዙ አይለይም። የፎቶውን ኮፒ `Curves` ላይ በጣም አደመቅኩት፣ ጠርዙ ወጣ፣ በ`Paths` ዙሪያውን ሳልኩ፣ 1 ፒክሰል አለሰለስኩት፣ ከዚያ የደመቀውን ኮፒ ጣልኩት። የመጀመሪያ ጊዜ ግን ጣቱ ሥር መስታወቱ ላይ የሚታየውን የጣቱን ደብዛዛ ነጸብራቅም «ጣት ነው» ብዬ አብሬ ከለከልኩት። ጣቱ ዙሪያ ጥቁር ቀዳዳ ተፈጠረ። ነጸብራቁ መስታወቱ ላይ ነው፣ ይደመር፤ የሚከለከለው ሥጋው ብቻ ነው።

ጥላም አትጨምሩ። እኔ ጣቱ ሥር ጥላ ሳደርግ ለምን እንደማያሳምን ሲገርመኝ ነበር። ስክሪን ራሱ የሚያበራ ነገር ስለሆነ የጣት ጥላ ብርሃኑን አይቀንሰውም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው የሚሆነው፣ ስክሪኑ ጣቱን ያበራዋል። የበራውን ፎቶ ሳይ የጣቴ ጎን ነጣ ያለ ብርሃን ነበረበት። ስለዚህ አዲስ ሌየር በ`Addition` ከፈትኩ፣ ስክሪኑ ላይ ጣቱ አጠገብ ካለው የወጥ ምስል ቀለም ወሰድኩ፣ በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ በ12 ፐርሰንት ጎኑን ነካ ነካ አደረግኩት። ጣቱ ስልኩን የያዘ የመሰለው ያኔ ነው።

መጨረሻ ላይ ስክሪንሹቱ ከስልኩ ጠርዝ ይልቅ ስል ሆኖ ስለታየኝ `Gaussian Blur` 0.8 ሰጠሁት፣ የካሜራውን ነጠብጣብ የሚመስል ትንሽ `RGB Noise` ጨመርኩ።

ጓደኛዬ ፎቶውን ሲያይ «ስልኩ ላይ መቼ ጫንከው?» ነበር ያለኝ።

አሁን የምታገለው ከቴሌቪዥን ቪዲዮ ጋር ነው። ካሜራው ሲንቀሳቀስ ነጸብራቁ ከስክሪኑ ጋር አብሮ አይሄድም፤ መስኮቱ መስታወቱ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ የአንድ ፎቶ ነጸብራቅ አይበቃም፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ቪዲዮው በሙሉ መቀረጽ አለበት፣ ምስሉም በየፍሬሙ ከአራቱ ማዕዘን ጋር መታሰር አለበት። ጥቁር ስክሪን ላይ ደግሞ ሶፍትዌሩ የሚከተለው ነጥብ አያገኝም፣ መስኮቱን ይዞ አብሮ ይንሸራተታል። የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ አራት ትናንሽ የወረቀት ቁራጭ ለጥፌ ቅዳሜ እሞክረዋለሁ።