አንድ ሌክቸር፣ ሁለት ካፕሽን

የምሠራው ስታትስቲክስ ዲፓርትመንት ውስጥ ነው። ባለፈው ሴሚስተር አራት ፐብሊክ ሌክቸሮችን በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ለማካሄድ ተስማማን፤ የማስተዋወቁ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። የተጋበዙት ተማሪዎችና የቀድሞ ተመራቂዎቻችን ናቸው። ፖስተሩን ሌላ ሰው ሠራው፣ ካፕሽኑን እኔ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ካፕሽን እንዲህ ይጀምር ነበር፦

> የስታትስቲክስ ትምህርት ክፍል ያዘጋጀው ተከታታይ ፐብሊክ ሌክቸር የመጀመሪያ ክፍል «የመረጃ አሰባሰብ ዘዴዎች ከትናንት እስከ ዛሬ» በሚል ርዕስ የሚካሄድ መሆኑን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን።

አዳራሹ 120 ወንበር አለው። ከኋላ ቆሜ ቆጠርኩ፣ 34 ሰው ነበር። አብዛኞቹ መምህሩ ራሳቸው የሚያስተምሯቸው ልጆች ናቸው፤ ያለ ካፕሽኑም ይመጡ ነበር። ከቀድሞ ተመራቂዎች የመጡት ሁለት ብቻ። ሌክቸሩ ግን በጣም ጥሩ ነበር፣ የቆጨኝም እሱ ነው።

ማታ ፖስቱን እንደ ተማሪ ሆኜ በስልኬ ከፈትኩት። ኢንስታግራም ካፕሽኑን ሙሉውን አያሳይም፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት በኋላ ይቆርጠውና ቀሪውን ለማንበብ መንካት ያስፈልጋል። የእኔ ካፕሽን «የስታትስቲክስ ትምህርት ክፍል ያዘጋጀው ተከታታይ ፐብሊክ» ላይ ተቆርጧል። ርዕሱ የለም፣ ቀኑ የለም። የሚታየው የእኛ ስም ብቻ ነው፣ ስማችን ደግሞ ከአካውንቱ ላይ አስቀድሞ ተጽፏል። ያን ያህል ቦታ ለተጻፈ ነገር ነው ያባከንኩት።

ለሁለተኛው ሌክቸር ከተናጋሪዋ ጀመርኩ። ስለ ናሙና አወሳሰድ ነው የሚናገሩት። አብስትራክታቸውን ልከውልኛል፤ ለባልደረባ የተጻፈ ስለሆነ ከሱ ካፕሽን ማውጣት አልቻልኩም። ደወልኩላቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፦ «ዶክተር፣ አድማጩ ሲወጣ የትኛውን ጥያቄ መመለስ እንዲችል ይፈልጋሉ?» ትንሽ አሰቡና «1,000 ሰው ብቻ ጠይቀን ስለ ሚሊዮኖች መናገር የምንችለው መቼ ነው፣ መቼስ አንችልም» አሉኝ። ይሄ ከአብስትራክቱ ውስጥ የትም አልነበረም።

ደስ ብሎኝ ወዲያው ጻፍኩት፦ «1,000 ሰው ከጠየቅን የሚሊዮኖችን ሀሳብ በትክክል እናውቃለን!» ከመለጠፌ በፊት ላኩላቸው። ሰረዙት። ያሉኝን ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ካፕሽኑን የሠራው ይሄ እርማት ነው። 1,000 ሰው በዕጣ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሰው እኩል የመመረጥ ዕድል ኖሮት ከተመረጠ፣ የሚገኘው መቶኛ ከእውነተኛው በ3 ነጥብ ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፣ ያውም በ95 በመቶ የእርግጠኝነት ደረጃ። ሕዝቡ አንድ ሚሊዮንም ይሁን መቶ ሚሊዮን ይሄ ስህተት እምብዛም አይለወጥም። ነገር ግን ፈልጎ የሞላ ሰው ብቻ የተሳተፈበት ቅጽ ከሆነ፣ 100,000 ሰው ቢሞላውም ቁጥሩ አያድነውም። «በትክክል እናውቃለን» ያልኩት እንግዲህ ሌክቸሩ የሚያፈርሰውን እምነት ነው። እንደዚያው ብለጥፈው ኖሮ ተናጋሪዋ መድረክ ላይ ወጥተው የራሳቸውን ማስታወቂያ ማረም ነበረባቸው።

ከዚያ ወዲህ ካፕሽን ሳይታይ አይወጣም። ለተናጋሪ የምልከውም «እባክዎ ይመልከቱልኝ» ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ያለ መልእክት ሁሌም «ጥሩ ነው» ተብሎ ይመለሳል። «ከዚህ ውስጥ እውነት ያልሆነ ወይም የተጋነነ ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ሀሳብ ካፕሽኑን ለሁለት መክፈል ነው። ተማሪውና የቀድሞ ተመራቂው አንድ ሌክቸር ነው የሚሰሙት፣ የሚያሳስባቸው ግን የተለያየ ነው። ተማሪው ሊያውቅ የሚፈልገው ይገባኛል ወይ፣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ከክፍል ሰዓት ጋር ይጋጫል ወይ የሚለውን ነው። ተመራቂው ደግሞ በሩ ላይ ያስገቡኛል ወይ፣ ሩቅ ብሆንስ፣ ከሥራዬ ጋር ምን ያገናኘዋል ይላል። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ለመመለስ ስሞክር ረዝሞ ማንም የማያነበው ሆነ። ስለዚህ ለየብቻ ጻፍኳቸው። የተማሪዎቹ ይሄ ነው፦

> 1,000 ሰው ብቻ ተጠይቆ ስለ ሚሊዮኖች የሚነገረውን መቼ እንመነው?
> ሐሙስ ከቀኑ 10:00፣ ትልቁ አዳራሽ። 50 ደቂቃ ሌክቸር፣ 20 ደቂቃ ጥያቄ።
> ከየትኛውም ዲፓርትመንት ብትሆኑ ኑ። መቶኛ ማስላት ከቻላችሁ ይበቃል። ምዝገባ የለም።

ለተመራቂዎቹ ደግሞ ይሄ፦

> «ብዙ ሰው ሞልቶታል፣ ስለዚህ ውጤቱ ትክክል ነው» የሚል ሪፖርት ጠረጴዛችሁ ላይ ስንቴ መጣ?
> ሐሙስ ከቀኑ 10:00 ስለዚሁ ስህተት እንነጋገራለን። በአካል የምትመጡ እስከ ረቡዕ ተመዝገቡ፣ ስማችሁ በር ላይ ይኖራል፤ የድሮ መታወቂያ አያስፈልግም።
> ሩቅ ያላችሁ በቀጥታ ስርጭት ተከታተሉ። ሊንኩ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ቁልፍ ስትነኩ ሰዓቱ ካላችሁበት ቦታ ጋር ራሱ ይስተካከላል።

የበሩን ነገር ያስገባሁት ከመጀመሪያው ሌክቸር በኋላ አንድ ተመራቂ «መታወቂያ ስለሌለኝ ከበር ተመለስኩ» ብሎ ስለጻፈልኝ ነው። ይሄን ሳነብ በጣም አፈርኩ፤ ሰውየው መጥቷል፣ ያልጋበዝኩት እኔ ነኝ። የጥበቃ ክፍሉን አነጋግሬ የስም ዝርዝር እንዲቀበሉ ተስማማን፣ ከዚያ በኋላ ነው ካፕሽኑ ውስጥ የጻፍኩት። ሳይስማሙ መጻፍ ደግሞ የባሰ ነው።

የመለጠፊያ ቦታዎቹ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ቴሌግራም ላይ ከምስል ጋር የሚሄድ ካፕሽን ለተራ አካውንት 1,024 ፊደል ነው፣ ለእኛ ከበቂ በላይ። ኢንስታግራም ካፕሽን ውስጥ የተጻፈ ሊንክ ሲነካ አይከፈትም፤ ስለዚህ እዚያ ሊንኩን ከፕሮፋይሉ ላይ አድርጌ ካፕሽኑ ላይ «ሊንኩ ፕሮፋይላችን ላይ ነው» እላለሁ። በጣም ያስቸገረኝ ኤክስ ነው። 280 ነው ወሰኑ ብዬ 190 ፊደል ጻፍኩ፣ እምቢ አለኝ። ለካ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ነው የሚቆጥረው። በተጨማሪ ሊንክ የፈለገውን ያህል ቢያጥር ወይም ቢረዝም 23 ይወስዳል። ክፍተቶቹ አንድ አንድ ስለሆኑ ትንሽ ይተርፋል እንጂ፣ ሊንክ ካለ ከ130 ፊደል ብዙም ፈቅ አይባልም። ጥያቄው፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ ሊንኩ። ከዚያ ሌላ አይገባም፣ ባይገባም አልጎደለብኝም።

ሦስተኛው ሌክቸር ላይ የደረሰው ችግር ግን ከአጻጻፍ ጋር አይገናኝም። ከሁለት ቀን በፊት አዳራሹ ለሌላ ስብሰባ ተፈለገና ቦታው ተቀየረ። ቻናላችን ላይ ያለውን ፖስት ወዲያው አረምኩት፣ ጨረስኩ ብዬም አረፍኩ። በሰዓቱ 20 የሚሆኑ ተማሪዎች ድሮው አዳራሽ በር ላይ ቆመዋል። ቴሌግራም ላይ ዋናው ፖስት ሲታረም ቀድሞ ወደ ግሩፖች ፎርዋርድ የተደረገው አይታረምም፤ እነሱ ያነበቡት ያንን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ስክሪንሹት ነው የያዘው። ከዚያ ጀምሮ ካፕሽኑ ላይ ቦታውን እጽፋለሁ፣ አጠገቡ ግን «ከመምጣታችሁ በፊት ሊንኩን እዩ» የሚል አለ፤ ሊንኩ የሚወስደው ዲፓርትመንቱ ድረ ገጽ ላይ ያለ አንድ ገጽ ነው፣ ለውጥ ሲኖር እሱን አርማለሁ። ከዚያም እርማቱን አዲስ ፖስት አድርጌ እለጥፋለሁ፣ የመጀመሪያው መስመር «ቦታው ተቀይሯል» ሆኖ። ድሮው በር ላይም ወረቀት ይለጠፋል።

ፖስተሩ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት ካፕሽኑ ላይ መድገም አስፈላጊ አይመስለኝም ነበር፤ እንደገና አሰብኩበት። ዓይነ ስውር ተማሪዎቻችን ስልካቸው የሚያነብላቸው ጽሑፉን ነው፣ ምስሉ ላይ የተሳለውን ፊደል ሁልጊዜ በትክክል አያነብላቸውም። በግሩፕ ውስጥ «ሐሙስ» ብሎ የሚፈልግ ሰውም ምስል ውስጥ ያለውን አያገኘውም። በተቃራኒው ምስሉ ብቻ ሲዘዋወር ካፕሽኑ ይቀራል። ስለዚህ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ሁለቱም ጋ ይኖራሉ።

የትኛው ካፕሽን እንደሠራ ለማወቅ ለሁለቱ የተለያየ ሊንክ ሰጠሁ። ገጹ አንድ ነው፣ ጭራው ብቻ ይለያል፦

```
?utm_source=telegram&utm_medium=social&utm_campaign=lecture2
?utm_source=alumni&utm_medium=email&utm_campaign=lecture2
```

ድረ ገጹ ላይ ጎብኚ የሚቆጥር መሣሪያ ካለ ማን ከየት እንደመጣ ለይቶ ያሳያል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰው የተማሪዎቹን ሊንክ ለተመራቂ ጓደኛው ከላከለት ከቴሌግራም ተቆጠረ ማለት ነው፣ ስለዚህ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ሊንክ መንካትና መምጣትም በጣም ይራራቃሉ። እኔ የማምነው በር ላይ በጠየቅነው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የት አይታችሁ መጣችሁ?» ፈቃደኛ ተማሪ ወረቀት ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ አለቀ።

ሁለተኛው ሌክቸር ላይ 81 ሰው ቆጠርኩ፣ ከነሱ 17ቱ ተመራቂዎች። ካፕሽኑ ብቻውን ነው ያመጣቸው አልልም። ርዕሱም ከመጀመሪያው ይልቅ ሰው የሚስብ ነበር፣ የፈተና ሳምንትም አልነበረም። ሁሉንም ነገር ባንድ ጊዜ ስለቀየርኩ የቱ እንደሠራ መለየት አልችልም፤ ይሄን ስታትስቲክስ ዲፓርትመንት ውስጥ ተቀምጬ ካላልኩ የት ልበለው። አራተኛው ላይ ግን የተማሪዎቹን ካፕሽን እንዳለ ትቼ የተመራቂዎቹን የመጀመሪያ መስመር ብቻ በሁለት ዓይነት ጻፍኩና የኢሜይል ዝርዝሩን በዕጣ ለሁለት ከፍዬ ላክሁ። በጥያቄ የጀመረው ከርዕሱ ከጀመረው የበለጠ ምዝገባ አመጣ፣ ልዩነቱ ግን አምስት ሰው ብቻ ስለነበር ውጤት ብዬ አልያዝኩትም። በሚቀጥለው ዙር እደግመዋለሁ።

ለአዲሱ ዙር ለተናጋሪዎች የምልከውን ቅጽ ቀይሬዋለሁ። «አብስትራክት» ከሚለው ሳጥን በላይ ሌላ ሳጥን ገብቷል፦ «አድማጩ ሲወጣ የትኛውን ጥያቄ መመለስ ይችላል?» እስካሁን ሦስት ሰዎች ሞልተው መልሰዋል። የሁለቱ መልስ እንዳለ ካፕሽን መሆን ይችላል። ለሦስተኛው ነገ እደውላለሁ።