1.20 ላይ መውጣት ለምን አያድንም፦ የአውሮፕላኑን ጨዋታ በስሌት ስፈትሽ ያገኘሁት

ባህር ዳር ላይ ባጃጅ ተራ በሚጠበቅበትም፣ ጣና ዳር አሣ በሚበላበትም ቦታ ስለ አውሮፕላኑ ጨዋታ የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ «አትጎምዥ፣ 1.20 ላይ ውጣ፣ አትበላም።» ጨዋታው አቪዬተር የሚባለው ውርርድ ነው፤ አውሮፕላኑ ወደ ላይ ሲወጣ ማባዣው ከ1.00 ጀምሮ ይጨምራል፣ በርሮ ከመጥፋቱ በፊት የወጣ ሰው ያስያዘው በማባዣው ተባዝቶ ይከፈለዋል፣ ያልወጣ ያስያዘውን ያጣል። ይህን ምክር መጀመሪያ በወረቀት፣ ቀጥሎ በኮምፒውተር ፈተሽኩት። 10 ብር አስይዞ ሁሌም 1.20 ላይ የሚወጣ ሰው በ100 ዙር ምን ያገኛል? ጥያቄዬ ይኸው ብቻ ነበር።

ለመመለስ መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። አውሮፕላኑ ወደ ላይ ሲወጣ የሚታየው ሥዕል ማሳያ ነው እንጂ ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ አይደለም። የሚበርበት ቁጥር ዙሩ ሲጀመር ተወስኖ አልቋል። በአቪዬተር ሰርቨሩ አንድ ምስጢራዊ የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ያዘጋጃል፤ ሲድ ይሉታል። በዚያ ላይ ቀድመው የተወራረዱ የሦስት ተጫዋቾች ሲድ ይጨመርበትና ሁሉም በአንድነት `SHA-512` በሚባል ስሌት ያልፋል። የሚወጣው ሃሽ የሚባል ረጅም ቁጥር ከ0 እስከ 1 ወዳለ ክፍልፋይ ይለወጣል። እሱን `u` እንበለው።

ከ`u` ወደ ማባዣው የሚደረስበት ቀመር በየድርጅቱ በዝርዝሩ ይለያያል፤ መሠረቱ ግን ይህ ነው፦

```
x = max(1, 0.97 / (1 - u))
```

0.97 የምትለዋ ቁጥር የመጣችው ጨዋታው ራሱ ከውርርዱ ገንዘብ ለተጫዋቾች እመልሳለሁ ብሎ ከሚያስታውቀው 97 በመቶ ነው። `u` 0.50 ሲሆን አውሮፕላኑ የሚበረው 1.94 ላይ ነው። ቤቱ፣ ማለትም አጫዋቹ ድርጅት፣ ምንም ባይወስድ ኖሮ ልክ 2.00 ይሆን ነበር። `u` 0.90 ሲሆን 10 መሆን የነበረበት 9.70 ይሆናል። `u` 0.02 ሲሆን ደግሞ ስሌቱ ከ1 በታች ስለሚወርድ 1.00 ተብሎ ይመዘገባል፤ ሰው ጣቱን ሳያነሳ የሚበረው ዙር ይህ ነው። ብዙ ሰው የቤቱ ድርሻ እነዚያ 1.00 ዙሮች ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም፤ ቀመሩ ከእያንዳንዱ ከፍታ ላይ 3 በመቶ ይሸርፋል። 1.20ም ተሸርፏል፣ 50ም ተሸርፏል።

ስለዚህ አውሮፕላኑ አንድን ማባዣ የመድረስ ዕድሉ 0.97 ለዚያ ማባዣ ሲካፈል ነው። 1.20ን ከ100 ዙር 80.83 ጊዜ ያህል ይደርሳል። ያለ ቤቱ ድርሻ ቢሆን 83.33 ነበር። አሁን ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ድል የሚተርፈው 2 ብር ስለሆነ 80.83 ጊዜ 161 ብር ከ67 ሳንቲም ያመጣል፤ የቀሩት 19.17 ዙሮች እያንዳንዳቸው 10 ብር ይዘው ስለሚሄዱ 191 ብር ከ67 ሳንቲም ይበላል። ልዩነቱ 30 ብር ኪሳራ ነው።

2.00 ላይ ብንወጣስ? 48.5 ዙር 485 ብር ያስገኛል፣ 51.5 ዙር 515 ብር ይበላል፤ አሁንም 30 ብር። 10.00ን ብንጠብቅ 9.7 ጊዜ ብቻ 90 ብር እናተርፋለን፤ 873 ብር መሆኑ ነው። የሚበላው 903 ነው። እንደገና 30 ብር። በ1.01 እንኳ ሞክሬዋለሁ፤ አይለወጥም። ማባዣው ሲወርድ ዕድሉ በዚያው ልክ ስለሚጨምር ሁለቱ ይጠፋፋሉና 0.97 ብቻ ይቀራል። ደላላ መኖሪያው በስንት እንደተሸጠ እንጂ ሻጩ ተደሰተ አልተደሰተ እንደማያሳስበው ሁሉ፣ አጫዋቹ ድርጅትም ድርሻውን የሚያሰላው ከተወራረድክበት ጠቅላላ ገንዘብ ነው።

በወረቀቱ ያላመነ ኮምፒውተር ላይ ይህን ያስኪድ፦

```python
import random
N = 1000000
for m in (1.2, 2, 10):
    w = 0
    for i in range(N):
        u = random.random()
        if max(1, 0.97 / (1 - u)) >= m:
            w += 1
    print(m, w * m / N)
```

ሦስቱም መስመሮች 0.97 አካባቢ ይሰጣሉ። የ10 ማባዣው ውጤት ከሌሎቹ ትንሽ ይዋዥቃል፤ ድሉ ብርቅ ስለሆነ ነው። `N`ን ወደ 200 ዝቅ ሲያደርጉት ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ አንዳንዴ 1.02፣ አንዳንዴ 0.93 ይወጣል። እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው፤ ከስልኩ የዙር ታሪክ 200 ያህል መዝግቦ ማየት ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር። በ200 ዙር 1.20ን ይደርሳል የሚባለው 162 ጊዜ ነው፤ ቤቱ ምንም ባይወስድ 167። ከዕድል የሚመጣው የተለመደ መዋዠቅ ግን ብቻውን 5 ወይም 6 ዙር ስለሆነ ልዩነቱን ይውጠዋል። በ10,000 ዙር 8,083 ከ8,333 ጋር ሲነጻጸር፣ መዋዠቁም 40 ገደማ ሲሆን ነው ነገሩ በግልጽ የሚታየው።

«እኔ ግን እያተረፍኩ ነው» የሚለው ሰው ውሸታም አይደለም ማለት ነው። 20 ዙር በ1.20 ለሚጫወት ሰው በትርፍ የመነሣት ዕድሉ 45 በመቶ ያህል ነው። ከመቶ ሰው 45ቱ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ እነሱም ናቸው ምክር የሚሰጡት። ያው ሰው 500 ዙር ሲደርስ በትርፍ የመገኘት ዕድሉ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል፤ በአማካይም 150 ብር ሄዷል። ዙሩ አጭር ስለሆነ ደግሞ 500 ሩቅ አይደለም። ቀደም ብሎ የሚወጣ ሰው ገንዘቡ ቶሎ አያልቅም፤ ስለማያልቅም ብዙ ዙር ይጫወታል፣ ድርሻውም በእያንዳንዱ ይቆረጣል።

«ስትበላ ጨምረህ መልስ» የሚለው ዘዴ 1.20 ላይ በጣም የከፋ ነው። 10 ብር ተበልቶ እሱንና የ2 ብሩን ትርፍ ለመመለስ ቀጣዩ ውርርድ 60 ብር መሆን አለበት። ያም ከተበላ 360፣ ቀጥሎ 2,160። ሁለት ዙር በተከታታይ የመበላት ዕድሉ ከ27 አንድ ያህል፣ ሦስት ደግሞ ከ142 አንድ ነው። ሁለት ውርርድ በአንድ ጊዜ አስይዞ አንዱን ቀድሞ በማውጣት ሌላውን «መሸፈን»ም እንዲሁ ነው፤ 20 ብር በ1.50፣ 10 ብር በ5.00 ቢያዝ 60 ሳንቲምና 30 ሳንቲም እየቆረጠ 90 ሳንቲም በዙር ይወስዳል። 30 ብር በአንድ ውርርድ ቢያዝም ያው 90 ሳንቲም ነው።

ሃሹን ማረጋገጥ ስለሚቻል «ፍትሐዊ ነው» የሚባለውንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከዙሩ በፊት የሚታየው የሰርቨሩ ሲድ ሃሽ፣ ከዙሩ በኋላ ከሚገለጠው ሲድ ጋር ከተስማማ ውርርድህን አይተው ቁጥሩን አልቀየሩም ማለት ነው። 0.97 ግን ቀመሩ ውስጥ በግልጽ ተቀምጦ ያው እየሠራ ነው። በዚያው ምክንያት ቀጣዩን ዙር እናውቃለን ብለው በቴሌግራም አፕ የሚሸጡት ከሃሹ ወደ ኋላ ሄደው ሲዱን ማግኘት አለባቸው፤ ከእንዲህ ያለ ሃሽ ወደ ኋላ የሚኬድበት የታወቀ መንገድ ግን የለም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ስሌት መውጫው በራሱ እንዲሠራ አስቀድሞ ለሞላ ሰው ነው፤ ያኔ ውሳኔው ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። በእጅ የሚጫን ከሆነ ትእዛዙ በኔትወርክ እስኪደርስ አውሮፕላኑ ሊበር ይችላል፤ ስክሪኑ ላይ 1.20 እያየ የተጫነውም ሳይቀር የጫነ ሰው ሊበላ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ተጫዋች 97 በመቶውም ጣሪያ ነው፤ የሚያገኘው ከዚያ በታች ነው።