«አምላክ እንዴት ብሎ ይሞታል?»

ጎንደር ውስጥ ለልጆች የሬዲዮ ትረካ በምናዘጋጅበት ቢሮ ያጋጠመን ነው። የሳምንቱ ታሪክ ሜምኖን ነበር። የጥንት ግሪኮች የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ይሉታል፤ ከግሪኮች ጋር የምትዋጋውን የትሮይ ከተማ ሊረዳ ዘምቶ እዚያው ወድቋል። ጽሑፉን ያዘጋጀው ወጣት ባልደረባችን «አምላኩ ሜምኖን በአኪሌስ ተወግቶ ሞተ» ብሎ ነበር። ተራኪዋ እትዬ እዚህ ሲደርሱ ማንበብ አቆሙ።

«ልጄ፣ አምላክ እንዴት ብሎ ይሞታል?»

ልጁ ሰዓቱ ስላጣደፈው ቶሎ ብሎ «መንፈሱ ሜምኖን» አደረገው። ይሄ ባሰ። እኛ ዘንድ መንፈስ ከተባለ የሚታሰበው ዛር ነው። ዛር ሰው ላይ ይሰፍራል፣ የሚሻውን ይጠይቃል፤ ሠራዊት አይመራም። የግሪኮቹም መናፍስት ቢሆኑ ቦታ አላቸው፤ ድሪያድ የምትባለው ለምሳሌ ከዛፍ ጋር የተቆራኘች ናት።

ቀረጻውን አቁመን ቁጭ አልን። እኔ እንዲህ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ወላጆቹን ነው። የሜምኖን እናት የንጋት አምላክ ኤኦስ ናት። አባቱ ቲቶኖስ ደግሞ የትሮይ ልዑል፣ ሰው ነው። ስለዚህ ሜምኖን ከፊል አምላክ ነው። የገደለው የግሪኮቹ ጦረኛ አኪሌስም እንዲሁ፤ እናቱ የባሕር አምላክ ቴቲስ፣ አባቱ ሰው። ሁለት ከፊል አማልክት ተጋጠሙ፣ አንዱ ሞተ፤ ሌላውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። የእናት አምላክነት ልጅን ከሞት አያስጥልም። ኤኦስ ራሷ ልጇን ማትረፍ አልቻለችም። በጥንቱ ትረካ የአማልክቱን አለቃ ዜውስን ለምና ዘላለማዊነት ያሰጠችው ከሞተ በኋላ ነው። ለእኔ የታሪኩ ልብ እዚህ ጋ ነው፤ እሷ አትሞትም፣ ልጇ ግን ይሞታል።

«ታዲያ ጀግና እንበለው?» አለ ልጁ። እንችላለን። ጀግንነት ግን ሌላ መለኪያ ነው። የትሮዩ ሄክቶር እናትም አባትም ሰው ነበሩት፤ ማንም ግን ጀግንነቱን አይክድም። ከፊል አምላክ የሚያሰኘው ትውልድ ነው፣ ጀግና የሚያሰኘው ደግሞ ሥራ። ሜምኖን ሁለቱም አለው። ግሪኮች ዘንድ ጀግና መቃብርም ነበረው፤ ሰዉ እዚያ ሄዶ ያከብረዋል፣ መሥዋዕት ያቀርብለታል። አምላክ ስለማይሞት መቃብር አይኖረውም።

እትዬ ሰምተው ሲያበቁ «እሺ፣ አሁን ገባኝ» አሉና «የንጋት አምላክ ልጅ፣ ጀግናው ሜምኖን» ብለው ቀጠሉ።

የሚቀጥለው ሳምንት ተረኛ ሄራክሌስ ነበርና ልጁን አስቀድሜ አስጠነቀቅኩት። ሄራክሌስ የዜውስና የአንዲት ሴት ልጅ ነው፤ ሲሞት ግን ከአማልክት ጋር ተቀመጠ። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ አንዳንድ ግሪኮች ሁለት ቤተ መቅደስ ሠርተውለት ነበር፤ በአንዱ ለማይሞት አምላክ የሚገባውን፣ በሌላው ለሞተ ጀግና የሚገባውን መሥዋዕት ያቀርቡለታል። ሄሮዶቱስም ልክ አደረጉ ይላል።