ሽያጭ ጨምሮ ትርፍ ሲቀንስ፦ አብዞርፕሽንና ማርጂናልን ጎን ለጎን ያወጣሁበት ሪፖርት

ኮስት አካውንታንት ነኝ፣ ወርሃዊ ሪፖርቱን ሁሌም በአብዞርፕሽን ነበር የማወጣው። አንድ ወር ላይ ሽያጭ ከ8,000 ፍሬ ወደ 10,000 ፍሬ አደገ፣ ትርፉ ግን ከ80,000 ወደ 60,000 ወረደ (ቁጥሮቹን ለአያያዝ እንዲቀሉ አጠጋግቻቸዋለሁ)። የመሸጫ ዋጋ አልተነካ፣ ጥሬ ዕቃ አልተወደደ። ስራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ይዞ መጣና "2,000 ፍሬ ጨምረን ሸጠን ትርፍ የሚቀንሰው ሌባ ገብቶ ነው ወይስ ምንድነው?" አለኝ። ሂሳቡ ትክክል ነው፣ ግን ትክክል ነው ብሎ ዝም ማለት አይቻልም፣ ስለዚህ ሁለቱንም ወር በማርጂናል ኮስቲንግም ሰርቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት።

መነሻው እንዲህ ነው። አንዱ ፍሬ በ60 ይሸጣል፣ ቫሪያብል ኮስቱ ማለትም ከምርቱ ብዛት ጋር የሚጨምረው ወጪ በፍሬ 30 ነው፣ የወሩ ፊክስድ የምርት ኦቨርሄድ ማለትም ምርት ቢበዛም ቢያንስም የማይለወጠው የፋብሪካ ወጪ ደግሞ 200,000። ፋብሪካው በኖርማል ጊዜ በወር 10,000 ስለሚያመርት ለአንድ ፍሬ 20 ይደርሰዋል ማለት ነው። አብዞርፕሽን ይሄን 20 ስለሚጨምር አንዱን ፍሬ በ50 ስቶክ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ማርጂናል ግን በ30 ብቻ ያስቀምጠውና 200,000ውን እንዳለ በዚያው ወር ወጪ ያደርገዋል። ልዩነታቸው በቃ ይሄው ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

በመጀመሪያው ወር 10,000 ተመርቶ 8,000 ተሸጠ፣ 2,000 መጋዘን ቀረ። በማርጂናል ከ60 ሽያጭ 30 ቫሪያብሉ ሲቀነስ በፍሬ 30 ኮንትሪቢውሽን ይተርፋል፣ 8,000 ጊዜ 30 ደግሞ 240,000 ነው፣ ፊክስዱ ሲቀነስ ትርፉ 40,000። በአብዞርፕሽን ግን በፍሬ 10 ትርፍ ስላለ 80,000 ይወጣል። ትርፍ የመሰለው 40,000 መጋዘን ውስጥ ነው ያለው፣ ያልተሸጡት 2,000 ፍሬዎች እያንዳንዳቸው 20 የፊክስድ ወጪ ተሸክመው ወደሚቀጥለው ወር ተሻገሩ።

በሁለተኛው ወር 8,000 ብቻ ተመርቶ 10,000 ተሸጠ፣ ስቶኩ አለቀ። ማርጂናል 100,000 አለ፣ ሽያጭ ስላደገ ትርፍም አደገ፣ ማንም የሚጠብቀው ነው። አብዞርፕሽኑ ግን 10,000 ጊዜ 10 ብሎ ካገኘው 100,000 ላይ 40,000 ቀንሶ 60,000 አለ፣ ምክንያቱም ለ10,000 ፍሬ የታሰበው ኦቨርሄድ ለ8,000 ብቻ በ20 በ20 ተመድቦ 2,000 ጊዜ 20 አንደር አብዞርብድ ማለትም ለየትኛውም ፍሬ ያልተመደበ ሆኖ ተረፈ፣ እሱም በወሩ ወጪ ሆነ። ሁለቱን ወር ስትደምሩት በሁለቱም መንገድ 140,000 ነው። ትርፉ የትም አልሄደም፣ ወር ነው የቀየረው።

ስራ አስኪያጁን ዝም ያሰኘው ግን ሌላ ስሌት ነው። በመጀመሪያው ወር የተሸጠውን ያህል 8,000 ብቻ ብናመርት ኖሮ በአብዞርፕሽንም ትርፉ 40,000 ነበር የሚሆነው። ማለትም ገዢ የሌለው 2,000 ፍሬ ማምረት ብቻውን ሪፖርቱ ላይ ትርፉን እጥፍ አደረገው፣ ለዚያ ደግሞ 60,000 ቫሪያብል ወጪ ወጥቷል። የምርት ክፍሉ ቦነስ በዚህ ትርፍ ላይ የሚታሰብ ከሆነ መጋዘን ለምን እንደሚሞላ መገመት አይከብድም።

ታዲያ አብዞርፕሽንን ጣሉት አልልም፣ ለውጭ ሪፖርት ግዴታ ነው። የዓለም አቀፉ የሂሳብ ስታንዳርድ አይኤኤስ 2 ስቶክ ላይ ፊክስድ የምርት ኦቨርሄድ እንዲገባ ያዛል፣ ማርጂናል ለውስጥ ውሳኔ ነው። ግን ራሱ ስታንዳርዱ ለፊክስዱ ማካፈያ ኖርማል ካፓሲቲን ማለትም በኖርማል ጊዜ የሚመረተውን መጠን ነው የሚለው፣ እና ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ምርት ወደ 5,000 ወርዶ 200,000ውን ለ5,000 ካካፈላችሁ ለፍሬው 40 ይሆንና ስራ የፈታ ማሽን ወጪ ስቶክ ውስጥ ይደበቃል። አይፈቀድም፣ ያልተመደበው የዚያው ወር ወጪ ነው። የመሸጫ ወጪም ስቶክ ውስጥ አይገባም፣ አንዳንዱ ኦቨርሄድ የሚል ስም ስላየ ብቻ አብሮ ይከተዋል።

አሁን ከሪፖርቱ ስር አንድ ማስታረቂያ አስገባለሁ፦ ክሎዚንግ ስቶክ ውስጥ ያለው ፊክስድ ኦቨርሄድ ሲቀነስ ኦፕኒንግ ስቶክ ውስጥ የነበረው። ይሄ ውጤት ከሁለቱ ትርፎች ልዩነት ጋር ካልገጠመ የሆነ ቦታ ችግር አለ። ብዙ ጊዜ የማገኘው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ በዓመት መጀመሪያ የኦቨርሄዱ መጠን ከ20 ወደ 22 ተቀይሮ ኦፕኒንጉንም በአዲሱ ማስላት፣ የድሮው ስቶክ በድሮው 20 ነው መታየት ያለበት። ሁለተኛው ያላለቀ ምርት ነው፣ ማሽን ላይ በግማሽ የቀረውም የድርሻውን ፊክስድ ተሸክሟል፣ ያለቀውን ብቻ ቆጥራችሁ ከሆነ ማስታረቂያው በጭራሽ አይገጥምም።