እርጥብ አፈር ላይ የቀረ ዱካ

ቅዳሜ።

በዚህ ወር ድሬ ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ሜዳ ላይ መቆም የማይታሰብ ነው። ስለዚህ እኛ 12 ሰዓት ላይ ከዚራ እንገናኛለን። የቮሊቦል ሜዳችን አፈር ነው። አቧራው እንዳያፍነን ዘበኛው ቀድሞ ሁለት ሦስት ጀሪካን ውሃ ይረጭበታል። ያ ውሃ ነው ዛሬ ጉዴን ያወጣው።

ሦስት ወር ሙሉ ስማሼ ጠፍቶብኝ ነበር። ከአራት ቁጥር፣ ማለትም ከመረቡ ግራ ጫፍ ነው የምመታው። ቀኝ እጄን ነው የምጠቀመው። ኳሷ ወይ መረቡ ላይ ትጣበቃለች ወይ ከኋላ መስመር አልፋ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ ለእጄ ሰጥቼ ነበር። ማታ ማታ ቤት ውስጥ ላስቲክ እየጎተትኩ ትከሻዬን ሳጠነክር ከረምኩ። ትከሻዬ ከመጠንከሩ በፊት መታመም ጀመረ።

ዛሬ ጨዋታው ሳይጀመር ከኒሙ ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ጋሼ ጠሩኝ። በወጣትነታቸው ቮሊቦል ተጫውተዋል። አሁን ጉልበታቸው እምቢ ቢላቸውም ዓይናቸው አልደከመም።

«ና እስቲ፣ እዚህ ጋ ቁም። አሁን ዘለህ የወረድክበትን ተመልከት።»

«የቱን ጋሼ?»

«እግርህን አቦ! መሬቱ ላይ ተጽፎልሃል እኮ።»

እውነትም ተጽፏል። ከመረቡ አንድ ሜትር ከምናምን ራቅ ብሎ የተነሳሁበት ዱካ አለ። የወረድኩበት ደግሞ መረቡ ሥር፣ የመሃሉን መስመር ሊነካ ምንም አልቀረውም። በእርምጃ ለካሁት፤ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ፊት ሄጃለሁ። ወደ ላይ መዝለል ሲገባኝ ቦይ እንደሚሻገር ሰው ነው የዘለልኩት። የወንዶች መረብ ከፍታ 2.43 ሜትር ነው። ያን ለማለፍ የሚያስፈልገኝን ጉልበት ለካ ወደ ፊት ስበትነው ነው የከረምኩት።

ጋሼ ወደ መነሻው ዱካ አመለከቱኝ። የቀኝ እግሬ ምልክት የጣቶቹ ብቻ ነው፣ ተረከዝ የለውም። የግራው ደግሞ ቀጥ ብሎ መረቡን ያያል። «የሚሮጥ ሰው ዱካ ነው ይሄ» አሉ። «የሚዘል ሰው ተረከዙን ይተክላል።»

ነገሩን ለራሴ ላስቀምጠው፣ ኋላ እንዳይምታታብኝ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም መቺ በሦስት እርምጃ ሲነሳ ቅደም ተከተሉ ግራ፣ ከዚያ ቀኝ–ግራ ነው። የመጀመሪያው ግራ ትንሽና ዝግ ያለ ነው፤ ሥራው ወደ ኳሷ አቅጣጫ መያዝ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቀኝ ረጅሙ ነው። ሰውነት ዝቅ ይልና ተረከዝ ቀድሞ መሬት ይነካል። ሦስተኛው ግራ ወዲያው ተከትሎ ከቀኙ ጎን፣ ትንሽ ወደ መረቡ ቀደም ብሎ ይተከላል፤ ጣቶቹም ወደ ቀኝ፣ ወደ ሜዳው ውስጥ ይዞራሉ። ፍሬኑ ይሄ የዞረው ግራ እግር ነው። ወደ ፊት የሚሄደውን ፍጥነት ይይዝና ወደ ላይ ይገለብጠዋል። በዚያ ላይ ዳሌንና ደረትን ኳስ ወደምታነሳልን ልጅ ከፈት ስለሚያደርግ ለእጁ የሚዞርበት ቦታ ይሰጠዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት እርምጃዎች ለጆሮ እንኳ አንድ ላይ ናቸው፤ ጠ–ጠፕ ይላሉ። የእኔ ግን ጠፕ፣ ጠፕ፣ ጠፕ እያለ እኩል እኩል ነበር የሚሰማው።

ያለ ኳስ አሥር ጊዜ ያህል ሞከርኩት። በየመሃሉ ጎንበስ ብዬ ዱካዬን አያለሁ። አላፊ አግዳሚው መሬት ላይ ቀለበት የጠፋብኝ ሳይመስለው አልቀረም። ተረከዙ ጠለቅ ብሎ ሲታይና ግራው ወደ ውስጥ ሲዞር፣ የምወርድበት ቦታ ከተነሳሁበት አንድ ጫማ ከምናምን ብቻ ፈቀቅ ያለ ሆነ። ትንሽ ወደ ፊት መሄዱ ጤና ነው፤ ጭራሽ ባለህበት ልውረድ ማለት ፍጥነቱን ሁሉ መግደል ይሆናል።

ኳስ ስትመጣ ግን ሁሉም ነገር ጠፋ። እንደገና ሩጫ፣ እንደገና ከመረቡ ሥር።

ጋሼ ሳቁ። «እግርህ አይደለም እንግዲህ፣ ልብህ ነው የሚቸኩለው። ኳሷ ከልጅቷ እጅ ሳትወጣ ተነስተሃል።»

እዚህ ላይ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሆንኩ። ቀድሞ የተነሳ ሰው ሁለት ስህተት በአንድ ላይ ይሠራል። ኳሷ ገና ላይ ሳለች ደርሶ ሥሯ ይቆማል፤ ስለዚህ ከፊቱ መሆን የሚገባት ኳስ ከአናቱ በላይ፣ አንዳንዴም ከኋላው ትሆናለች። ከዚያ ደግሞ ዘሎ ሲወርድ ነው የሚያገኛት፤ ክንዱ ታጥፎ፣ ወገቡ ወደ ኋላ ለመጥ ብሎ። የእኔ ትከሻ የታመመው ለዚህ ነው። እጄ የደከመ አልነበረም፣ እጄን የማይሆን ቦታ ነበር የማሠራው።

ታዲያ መቼ ልነሳ? ሻይ ስንጠጣ በብዕር እጄ ላይ ሠራሁት። ልጅቷ ለአራት ቁጥር የምታነሳት ከፍ ያለች ኳስ እኔ ከምመታበት ከፍታ ሁለት ሜትር ያህል በላይ ትወጣለች እንበል። ከዚያ ጫፍ ወደ መምቻው ለመውደቅ 0.64 ሰከንድ ይፈጅባታል። እኔ ደግሞ 50 ሳንቲ ሜትር ብዘል፣ ከመሬት ተነስቼ ጫፌ ላይ ለመድረስ 0.32 ሰከንድ ይወስድብኛል። ከፍታው ሩብ ስለሆነ ጊዜው ግማሽ ነው። የቀረኝ 0.32 ሰከንድ ነው፤ ይቺ ደግሞ የቀኝ ተረከዝ መሬት ከነካበት አንስቶ ግራው ተተክሎ እግር ከመሬት እስኪለቅ ድረስ ካለው ጊዜ ጋር በግምት ትገጥማለች። ስለዚህ ለእኔ ምልክቱ ቀላል ሆነ፦ ኳሷ ላይ ወጥታ ቆም ስትል ቀኝ ተረከዜ መሬት ይንካ። እስከዚያ ድረስ የፈቀድኩት ያቺን ትንሿን ግራ ብቻ ነው።

ኳሷ ዝቅ ካለች ይለወጣል። አንድ ሜትር ብቻ ከሆነች የምትወድቀው በ0.45 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ጫፏ ላይ ስትደርስ ግራ እግሬ ጭምር ተተክሎ ልነሳ መሆን አለበት። ከፍ ካለች ደግሞ ቀኙን ትንሽ ማቆየት ነው። ቁጥሩን ማንም ሜዳ ላይ አያሰላም፤ ግን ልጅቷ ከፍታውን ስትቀያይር እኔ ለምን እንደምሳሳት ገባኝ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅጽበት ነበር የምነሳው።

ከሻይ በኋላ ጋሼ ስማሽ ከለከሉኝ። «ዝለልና ያዛት» አሉ። ማለትም በአየር ላይ፣ በቀኝ እጅ፣ ክንድ ተዘርግቶ ኳሷን መያዝ ወይም ቢያንስ በመዳፍ ማስቆም። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያዋን ከግንባሬ በላይ ክርኔን አጥፌ ያዝኳት፤ ቀድሜያለሁ ማለት ነው። ሁለተኛዋ ደረቴ ላይ ደረሰችኝ፣ ዘግይቻለሁ። አምስተኛዋ ላይ ክንዴ ተዘርግቶ፣ ከቀኝ ትከሻዬ ፊት ለፊት፣ ኳሷ መዳፌ ላይ አረፈች። አለመምታቱ ጥሩ ነበር። መምታት ሲኖር ሰው ስህተቱን በጉልበት ይሸፍነዋል።

ስለ እጅ ያወራነው ትንሽ ነው፤ ግን አንዱ ነገር ገርሞኛል። ረጅሙን ቀኝ ስረግጥ ሁለቱም ክንዶች ተዘርግተው ወደ ኋላ መሄድ አለባቸው፤ ግራው ሲተከል ሁለቱም በአንድ ላይ ወደ ላይ ይወነጨፋሉ። እኔ ቀኝ እጄን ገና ከመሬት ሳልነሳ ወደ ኋላ ስቤ ነበር የምዘለው፤ ስለዚህ ክንዶቼ ለዝላዩ የሚጨምሩትን ሁሉ አጣለሁ። አየር ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው መለያየት ያለባቸው። ግራ እጅ ኳሷን ይጠቁማል፤ የቀኝ ክርን ከትከሻ ሳይወርድ ወደ ኋላ ይሳባል። ከዚያ መምታቱን የሚጀምረው ቀኙ ሳይሆን ግራው ነው፤ ግራው ክርን ወደ ጎድን ሲወርድ ትከሻ ይዞራል፣ ክርን ይከተላል፣ መዳፍ መጨረሻ ይደርሳል። ጋሼ ይሄን ሲያሳዩኝ እንደተቀመጡ ሽርጣቸውን ይዘው ነበር፤ ግን ትከሻቸው ሲዞር ያ የድሮው መቺ ብልጭ አለብኝ።

መጨረሻ ላይ አሥር ኳስ መታሁ። ስድስቱ ገቡ። ሁለቱ መረቡን መቱ፤ ሁለቱንም ዘግይቼ ኳሷ ከወረደች በኋላ ነው ያገኘኋት፤ ይሄ ለእኔ አዲስ ስህተት ነው፣ ስቸኩል የኖርኩ ሰው ነኝና ደስ አለኝ። አንዷ ረጅም ሄደች። አሥረኛዋን ልጅቷ መረቡ ላይ አስጠግታ አነሳቻት፤ እሷን በምንም የእግር ሥርዓት ብትመጣ በሙሉ ክንድ አትመታትም። ከመረቡ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለች ኳስ በዝግታ በጣት ወይ በመዳፍ ገፋ ተደርጋ ትሻገራለች። እኔ ግን ልቤ ሞቆ በሙሉ ክንድ ወረድኩባት፣ መረቡን ነካሁ፣ ነጥቡ ሄደ።

«ይቅርታ ጋሽዬ፣ የኔ ጥፋት ነው» አለችኝ ልጅቷ።

«ግማሹ» አልኳት።

ሰኞ ስንገናኝ ከፍታውን ሳትነግረኝ እየቀያየረች እንድታነሳልኝ ተስማምተናል፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ። ዘበኛውንም አንድ ጀሪካን ውሃ እንዲጨምርልኝ ለምኜዋለሁ፤ በምላሹ ፈጢራ እኔ ላይ ነው።